ሳይፈልጉት የቀነሰ ሰባት ኪሎ

ጥያቄ፦ «እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ደሴ ከእህቴ ጋር ነው። እኔ ሴት ልጇ ቨርጂኒያ ነኝ። አምና ሐምሌ ሄጄ ስጠይቃት 62 ኪሎ ነበረች። እህቴ ፋሲካ ማግስት ብትመዝናት 57፣ አሁን ግንቦት መጨረሻ ላይ ደግሞ 55 ሆነች። ስኳር ስላለባት ሜትፎርሚንና ግሊበንክላሚድ ትወስዳለች፤ የግፊት ኪኒንም አላት። እህቴ ‹ትቀምሳለች እንጂ አትበላም› ትለኛለች። ጎረቤቶቿ ግን ‹እርጅና ነው፣ ሁዳዴንም ጾማለች፣ ለስኳር በሽተኛ ደግሞ መክሳት ጥሩ ነው› ይላሉ። ቪታሚንና የምግብ ፍላጎት የሚከፍት መድኃኒት ልላክላት ወይስ ሐኪም ቤት ትሂድ?»

ምላሽ፦ ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ እሱም በዚህ ወይም በሚቀጥለው ሳምንት። ቪታሚኑ ይቆይ። የምግብ ፍላጎት የሚከፍተውን መድኃኒት ግን ጭራሽ አትላኪ፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻ እነግርሻለሁ።

በዕድሜ የገፋ ሰው ሳያስበው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ ከቀነሰ መመርመር አለበት። የእናትሽ 5 በመቶ ሦስት ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ 59 ኪሎ ላይ ሲደርሱ መታየት ነበረባቸው። አሁን የቀነሱት ከ11 በመቶ በላይ ነው፤ በዚያ ላይ ከፋሲካ ወዲህ ፍጥነቱ ጨምሯል።

በመጀመሪያ ግን ሚዛኑ እውነት መናገሩን እናረጋግጥ። ጋቢ፣ ሹራብና ጫማ ብቻቸውን ሁለት ኪሎ ሊያሳስቱ ይችላሉ። እህትሽ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ ስስ ልብስ ብቻ አስለብሳ፣ ሚዛኑን ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሊሾ ወይም ጣውላ ላይ አስቀምጣ ትመዝናቸው። ሁልጊዜም በዚያው ሚዛን። ቁርጭምጭሚታቸውንም በጣት ጫን አድርጋ ትየው። ጎድጉዶ የሚቆይ ከሆነ እግር ውስጥ ውኃ አለ ማለት ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን እውነተኛው የክብደት መቀነስ ሚዛኑ ከሚለው ይበልጣል። ሚዛን በሌለበት ቤት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። የባቱ ወፍራም ቦታ ዙሪያ ከ31 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጡንቻ እያለቀ መሆኑን ይጠቁማል። የቀለበት መላላት፣ የቀሚስ መስፋት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ መንቀሳቀስ መጀመሩም ያው ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቶቹ ሦስት ምክንያቶች። እርጅና ክብደት ይቀንሳል የሚለው እውነትነት ቢኖረውም መጠኑ ሌላ ነው። ጤነኛ ሰው ከ65 እና 70 ዓመት በኋላ በዓመት የሚቀንሰው ከ100 እስከ 200 ግራም ያህል ነው። ሰባት ኪሎን በዚህ ሂሳብ ለመቀነስ ቢያንስ 35 ዓመት ያስፈልጋል። እርጅና የሚለው መልስ ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉን ነገር ስለሚያስረዳ ማንም ከዚያ ወዲያ አይጠይቅም።

ጾሙ በከፊል ያስኬዳል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ እስከ ከሰዓት ሳይቀምሱ ቆይተው ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚርቁ አረጋዊ አንድ ሁለት ኪሎ ቢቀንሱ አይገርምም። ነገር ግን በጾም የሄደ ክብደት በፍስክ ይመለሳል። ፋሲካ ከዋለ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እናትሽ ደግሞ ሁለት ኪሎ የቀነሱት በዚሁ በሃምሳው ውስጥ ነው። ጾሙ ቢሆን ኖሮ አሁን ወደ 58 እና 59 መመለስ ነበረባቸው። እንዲያውም ይህን ቀን ቆጠራ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ከብዙ ምርመራ የበለጠ ይናገራል።

ለስኳር መክሳት ጥሩ ነው የሚለው ደግሞ አደገኛው ነው። ጥሩ የሚባለው ወፍራም ሰው አስቦበት፣ እየተንቀሳቀሰ፣ ምግቡን መጥኖ የሚቀንሰው ነው። ሳይታሰብ የሄደ ክብደት ግን ስብ ብቻ አይደለም፤ በ71 ዓመት የሄደ ጡንቻ በቀላሉ አይመለስም። ውጤቱም ከወንበር ለመነሳት መቸገር፣ መውደቅ፣ የዳሌ አጥንት መሰበር፣ ቁስል አልሽር ማለት ነው። በስኳር ሕመምተኛ ላይ ሲሆን ደግሞ ራሱን የቻለ ጥርጣሬ ያመጣል፤ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ከምክንያቶቹ በፊት አንድ ቀላል ሂሳብ ላሳይሽ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። ሰባት ኪሎ ማለት ወደ 54,000 ካሎሪ ነው። ይህን ለአሥር ወር ብታካፍይው በቀን የጎደለው 180 ካሎሪ ብቻ ይሆናል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል ዘይት ማለት ነው። ከሄደው ውስጥ ጡንቻ ስላለበት ጉድለቱ ከዚህም ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ «ኧረ ትበላለች» ወይም «አትበላም» የሚለው የቤት ሰው ምስክርነት ብዙ አያስኬድም። ይህን የሚያህል ጉድለት በማዕድ ላይ በዓይን አይታይም፤ ሦስት ጉርሻ ቀርቶ ማን ይቆጥራል?

ይህ ጉድለት የሚመጣው በሦስት መንገድ ነው። ምግቡ አይገባም፤ ወይም ገብቶ ሳይጠቅም ይወጣል፤ ወይም ሰውነት ከልኩ በላይ ያቃጥላል። እህትሽ የነገረችሽ ወደ መጀመሪያው ያመለክታል፤ ሆኖም ሁለቱን ሌሎች አያስቀርም።

ምግቡ የማይገባ ከሆነ ፍለጋው ከአፍ ይጀምራል። እህትሽ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ አስወልቃ አፋቸውን በስልክ መብራት ትይላቸው። የተነቃነቀ ጥርስ፣ ያበጠ ድድ ወይም ምላስ ላይ ነጭ ሽፋን ካለ መፍትሔው ቅርብ ነው። ቀጥሎ የመዋጥ ነገር ነው። «እንጀራ ደረቴ ላይ ይቆማል» ብለው ወደ ፍትፍት፣ ከፍትፍት ወደ አጥሚት፣ ከአጥሚት ወደ ውኃ እየወረዱ ከሆነ አንድም ሳምንት መጠበቅ የለም፤ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር በኢትዮጵያ፣ በተለይ በአርሲና በባሌ፣ በብዛት የሚታይ ነው። ይህ ምልክት ያለበት ሰው በቀጥታ ኢንዶስኮፒ ይታዘዝለታል። ሁለት ሦስት ጉርሻ በልተው «ጠገብኩ» የሚሉ ከሆነ ደግሞ ጨጓራ ውስጥ ቁስል ወይም እጢ፣ አለዚያም በስኳር ምክንያት የጨጓራ መዘግየት ይታሰባል።

አፉም ጉሮሮውም ደህና ሆኖ ፍላጎት ብቻ የጠፋበት ሰው ላይ ድባቴና የመርሳት በሽታ መፈተሽ አለባቸው። አረጋዊ ሰው ሲደበተው ብዙ ጊዜ «ከፋኝ» አይልም። «ምግቡ አይጥመኝም» ይላል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይነቃል፣ ቡና ለመጠጣት ጎረቤት መሄድ ይተዋል። የመርሳት በሽታ ደግሞ ወጥ በማሳረር፣ ቁርስ ሳይበሉ በላሁ በማለት ይጀምራል። ሁለቱም ሕክምና አላቸው ወይም ቢያንስ አያያዝ አላቸው፤ ያልተጠየቀ ሐኪም ግን በአሥር ደቂቃ ውስጥ አያገኛቸውም።

በእናትሽ ጉዳይ እኔ ከሁሉ በፊት የማየው የመድኃኒት ፌስታላቸውን ነው። ሜትፎርሚን የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ አፍ ላይ የብረት ጣዕም ይተዋል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያላላል፤ መጠኑ ሲጨምር ይብሳል፣ በባዶ ሆድ ሲወሰድም እንዲሁ። ባለፈው ዓመት መጠኑ ተጨምሮ ከነበረ ምናልባት መልሱ እሱው ነው። የሚገርመው ክብደት በመቀነሱ ስኳሩ ሲወርድ «መድኃኒቱ ሠራ» ተብሎ ይታለፋል።

ግሊበንክላሚድ የባሰ ነው። በደም ውስጥ ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ ሰውየው በላም አልበላም ስኳሩን ወደ ታች ይገፋዋል። በ62 ኪሎ እየበሉ ሳለ የታዘዘ መጠን በ55 ኪሎ ሳይበሉ ሲወሰድ ሌሊት ስኳራቸውን ከልክ በታች ሊጥል ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገት መወዛገብ፣ ጠዋት የማይለቅ ራስ ምታት ምልክቶቹ ናቸው። ስለዚህ እህትሽ ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ከቁርስ በፊትና ማታ ከመተኛታቸው በፊት ትለካ። ከ70 በታች ከሆነ ወዲያው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣ ትስጣቸው፣ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ደግማ ትለካ፣ ምግብም ታስከትል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይደወልለት። ከተወዛገቡና መዋጥ ካልቻሉ ግን በአፍ ምንም አይሰጣቸው፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። የግፊቱም ነገር ተመሳሳይ ነው። ሰው ሲከሳ ግፊቱ ይወርዳል፤ ተነስተው ሲቆሙ የሚያዞራቸው ከሆነ የኪኒኑ መጠን በዝቶባቸው ሊሆን ይችላል። አንዱንም ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ የሚቀንሰው ያዘዘው ነው።

ሁለተኛው መንገድ ገብቶ መውጣት ነው። የደም ስኳር ከ180 ገደማ ሲያልፍ ትርፉ በሽንት መፍሰስ ይጀምራል። በቀን 50 ግራም ስኳር በሽንት ቢወጣ 200 ካሎሪ ጠፋ ማለት ነው፤ ይህ ብቻውን ከላይ ያሰላነውን ጉድለት ይሸፍናል። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት የሚነሱና ውኃ የሚጠማቸው ከሆነ እዚህ ጋ እንፈልግ። የተነሳውን ጥርጣሬ እዚህ ላይ ልጨርሰው፦ በደንብ ተይዞ የቆየ ስኳር ያለ ምክንያት ከተበላሸና ክብደት አብሮ ከወረደ ቆሽት መታየት አለበት። በተለይ ወደ ጀርባ የሚወጋ የሆድ ሕመም ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ካለ አልትራሳውንድ ብቻ ላይበቃ ይችላል፤ ሲቲ ስካን ይጠየቅ።

ሦስተኛው፣ ከልክ በላይ ማቃጠል፣ የሳንባ ነቀርሳን፣ ኤች አይ ቪን፣ ካንሰርን፣ የልብ ድካምን፣ የታይሮይድ መብዛትን ይይዛል። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ አረጋዊ ላይ መልካቸውን ስለሚቀይሩት ሁለቱ ብቻ ልበል። የሳንባ ነቀርሳ በዚህ ዕድሜ ያለ ብርቱ ሳልና ያለ ትኩሳት፣ በመክሳትና በድካም ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ለነቀርሳ የበለጠ ተጋላጭ ነው። የታይሮይድ መብዛትም ወጣት ላይ እንደሚታየው መንቀጥቀጥና መቅበጥበጥ ሳይሆን ዝም ያለ፣ የከሳ፣ ልቡ ያለ ሥርዓት የሚመታ ሰው አድርጎ ይታያል።

በመጀመሪያው ቀን ምርመራ ሐኪሙ አፍን፣ አንገትና ብብት ላይ ንፍፊትን፣ ጡትን፣ ሆድን፣ እግርን ማየት ይኖርበታል። ከላቦራቶሪ ሙሉ የደም ቆጠራ የሰውነት መቆጣትን ከሚጠቁመው ኢኤስአር ጋር፣ ስኳር ከነሦስት ወር አማካዩ፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ካልሲየም፣ ታይሮይድ፣ ኤች አይ ቪ፣ ሽንት፣ ሰገራ ከድብቅ ደም ጋር፤ ከምስል የደረት ኤክስሬይና የሆድ አልትራሳውንድ ይበቃል። ሳል ካለ ወይም ኤክስሬዩ ካጠራጠረ አክታ ጂንኤክስፐርት ለተባለው የነቀርሳ ምርመራ ይላክ። ኩላሊት ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የኩላሊት መለኪያ የሆነው ክሬአቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ስለሆነ ጡንቻ ያለቀበት ሰው ኩላሊቱ ደክሞም ቁጥሩ «ኖርማል» ሊል ይችላል። ሐኪሙ ዕድሜን አስገብቶ እንዲያሰላው እህትሽ ትጠይቅ፤ የሜትፎርሚኑ መጠን በዚያ ላይ ነው የሚወሰነው።

ከአሜሪካ ሆነሽ «ሙሉ ሰውነቷን ሲቲ ያንሷት፣ የካንሰር ምርመራ በደም ይሥሩላት» ብለሽ ገንዘብ አትላኪ። የካንሰር ጠቋሚ የሚባሉት የደም ምርመራዎች ምልክት በሌለው ሰው ላይ ካንሰር ለመፈለጊያ የተሠሩ አይደሉም፤ ያለ ካንሰርም ከፍ ይላሉ፣ ቤተሰቡን ያስጨንቃሉ፣ ወደማያስፈልግ ምርመራ ይገፋሉ። የቃለ መጠይቁ፣ የአካል ምርመራውና የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች ሁሉ ንጹሕ ከሆኑ የተደበቀ ካንሰር የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው። ከአራት ሰው በአንዱ ያህል ደግሞ ተመርምሮ ተመርምሮ ምክንያት አይገኝም። ያኔ የሚደረገው ምግቡን እያስተካከሉ በየወሩ መመዘንና ከሦስት ወር በኋላ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና መፈተሽ ነው፤ «ምንም የለም» ተብሎ ፋይሉ አይዘጋም።

ልላክ ወይ ብለሽ ወደጠየቅሽው ነገር ልመለስ። ቪታሚን ካሎሪ የለውም፤ ሰው አያወፍርም። ለረጅም ዘመን ሜትፎርሚን የወሰደ ሰው ቢ12 ሊጎድለው ይችላል፤ ያም ተለክቶ ነው የሚሰጠው። ሳይፕሮሄፕታዲን የተባለው ፍላጎት ከፋች በአረጋዊ ላይ እንቅልፍ፣ መወዛገብ፣ ሽንት መያዝ፣ ድርቀትና መውደቅ ያመጣል። ሌላው ፍላጎት ከፋች ሜጀስትሮል ደም ሥር ውስጥ የደም መርጋት ሊያስከትል ይችላል፤ የሚጨምረው ኪሎም በአብዛኛው ስብ ነው እንጂ ጡንቻ አይደለም። ደክሳሜታዞን «ያወፍራል» ብሎ የሚመክርሽ ካለ አትስሚው፤ ስኳሩን ያፈነዳዋል፣ የነቀርሳን ምልክት ሸፍኖ በሽታውን ያስፋፋዋል። ድባቴ መኖሩ ከተረጋገጠ ግን ሐኪሙ ሚርታዛፒንን ሊመርጥ ይችላል፤ እሱ የምግብ ፍላጎትንም ያግዛል።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ምግቡ ላይ ሊሠራ የሚገባው ይህ ነው። ለ55 ኪሎ ሰው በቀን ወደ 1,650 ካሎሪና 65 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይፈለጋል፤ ኩላሊታቸው ታሞ ከተገኘ ፕሮቲኑን ሐኪሙ ይወስናል። ሰሃኑን ማግዘፍ አያዋጣም፤ ትልቅ ሰሃን ገና ሲታይ ያጠግባል። ትንሽ በትንሽ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይቅረብላቸው፣ እያንዳንዱ ጉርሻ ግን የበለጸገ ይሁን። አጥሚቱ በውኃ ሳይሆን በወተት ይሠራ፣ አንድ ማንኪያ ቅቤ ይግባበት። ሽሮው ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሲጨመር 120 ካሎሪ ገባበት ማለት ነው፤ የዕለቱ ጉድለት ሁለት ሦስተኛው ተሸፈነ። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ስምንት ግራም ፕሮቲን አለው። ጾም ሲመጣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ምስርና ሽምብራ ቦታውን ይይዛሉ፤ ሆኖም ሕመምተኛ መሆናቸውን ለንስሐ አባታቸው ነግረው ቢፈቀድላቸው ይሻላል። የሚሻል አንድ ነገር መላክ ከፈለግሽ ለስኳር ሕመምተኛ የተዘጋጀ የሚጠጣ ምግብ ላኪ፤ የሚጠጣውም በምግብ መካከል ነው፣ ከምግብ ጋር ከሆነ ምግቡን ይተካዋል።

እግረ መንገዴን፣ «ስኳር አለብሽ» ተብለው እንጀራም፣ ፍራፍሬም፣ ድንችም፣ ወተትም የተከለከሉ አረጋውያን ብዙ ናቸው። የሚቀርላቸው ጎመንና ሻይ ነው። እናትሽም እንደዚህ ከሆነ ክልከላው ይላላ። በዚህ ዕድሜና በዚህ ክብደት ስኳሩን ጥብቅ አድርጎ ከመያዝ ይልቅ እንዲበሉ ማድረግ ይቀድማል፤ የሦስት ወሩ አማካይ ከ8 በመቶ በታች ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ከአምስት ቀን በላይ ምንም ያህል ካልቀመሱ በአንድ ጊዜ አታጭቋቸው። ከረጅም ረሃብ በኋላ ምግብ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሺየም በድንገት ወርዶ ልብን ሊጎዳ ይችላል። ያኔ በሐኪም ክትትል ከግማሽ በታች ተጀምሮ በቀናት ውስጥ ነው የሚጨመረው። ውኃ አልወርድ ካላቸው፣ ደም ካስታወካቸው ወይም ከሳላቸው፣ ሰገራቸው ሬንጅ ከመሰለ፣ ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ ስኳራቸው ደጋግሞ ከ300 ካለፈ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

ለእህትሽ አንድ ገጽ ጽፈሽ ላኪላት፤ ሐኪሙ ፊት ስትቀርብ ታቅርበው። 62፣ 57፣ 55 ከነቀናቸው፤ የእያንዳንዱ ኪኒን ስም፣ መጠንና የተጀመረበት ወይም የተጨመረበት ወር፤ የአንድ ሳምንት የጠዋትና የማታ ስኳር ልኬት፤ ለሦስት ቀን የበሉት ሁሉ ሳይቀነስ ሳይጨመር። ኪኒኖቹን በማሸጊያቸው በፌስታል ይዛ ትሂድ፤ ከጎረቤት የተዋሱት፣ ከሱቅ የተገዛ የጨጓራ መድኃኒትና የባህል መድኃኒትም ሳይቀር። «እርጅና ነው፣ ቪታሚን ትውሰድ» ተብላ ብትመለስ ወረቀቱን ይዛ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ትሂድ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት በዚያው ሚዛን ትመዝናቸው፤ 54 ካለ የሦስት ወሩን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትመለስ።